ከዓርብ እስከ ሰኞ ኤግዚቢቱ በማን እጅ ነበር? የካናቢስ ክስና የጎደለው ርክክብ

ጥያቄ (ጀማሪዋ ጠበቃ)

ደንበኛዬ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ካናቢስ ይዞ ተገኝቷል ተብሎ ተከሷል። ዓርብ ምሽት በብርበራ የተያዘው ዕፅ በዝርዝሩ ላይ «አንድ ጥቁር ፌስታል፣ 612 ግራም» ተብሎ ሰፍሯል። ኤግዚቢት ክፍል የተመዘገበው ሰኞ ጠዋት ነው። የላብራቶሪው ውጤት ደግሞ «በካኪ ፖስታ የቀረበ፣ 548 ግራም» ይላል። በመካከሉ በማን እጅ እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት መዝገቡ ውስጥ የለም። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ገና አልተሰሙም። የ64 ግራሙ ልዩነት ክሱን ለማፍረስ ይበቃል?

ዳዊት፣ ከቨርጂኒያ

እኔ እዚህ አሜሪካ በአንድ የጠበቆች ቢሮ ውስጥ በረዳትነት እሠራለሁ። እህቴ፣ ብዙም አይጨነቁ። የማስረጃው ቅብብሎሽ በአንድ ቦታ እንኳ ከተበጠሰ ማስረጃው ውድቅ ይሆናል፣ ዳኛውም አይቀበለውም። የቀድሞ ሚስቱንና ጓደኛዋን ገድሏል ተብሎ በተከሰሰው በኦ ጄ ሲምፕሰን ጉዳይ የሆነው ይኸው ነው፤ ለምርመራ ከተቀዳለት ደም አንድ ተኩል ሚሊ ሊትር ስለ ጎደለ ብቻ ሰውየው ነጻ ወጣ። የእርስዎ ደንበኛ ጉዳይ ላይ ደግሞ የጎደለው 64 ግራም ነው።

የቀድሞ የላብራቶሪ ባለሙያ

በመጀመሪያ ስለ ክብደቱ ልናገር፣ ምክንያቱም ጠያቂዋ ትልቁን ተስፋ የጣሉበት እርሱ ላይ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ከያዟቸው ነጥቦች ሁሉ ደካማው እርሱ ነው። ካናቢስ ቅጠል ነው፤ በደንብ ካልደረቀ ውኃ ይይዛል፣ በየቀኑም ክብደቱ ይቀንሳል። ከ612 ወደ 548 መውረድ አሥር ከመቶ ገደማ ነው፤ በከፊል የደረቀ ቅጠል በፌስታል ታስሮ ቆይቶ ወደ ወረቀት ፖስታ ከተዛወረ በቀናት ውስጥ ይህን ያህል ቢቀንስ አያስደንቅም። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ሚዛን ፌስታሉን ጨምሮ መዝኖ ሊሆን ይችላል፣ ላብራቶሪ ደግሞ ዘወትር ዕፁን ብቻ ነው የሚመዝነው። ጠበቃዋ 64 ግራሙን ይዘው ቢነሡ፣ ባለሙያው ምስክር ሆኖ ሲቀርብ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይመልሳቸዋል፤ ችሎቱም ሌላውን ክርክራቸውን በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል።

ይልቁንስ በቁጥሩ ላይ እንዲህ ብለው ይጠይቁ። ዓርብ ምሽት የተመዘነው በምን ሚዛን ነው? ከአካባቢው ሱቅ የተዋሱት ባለ መርፌ ሚዛን ከሆነና መስመሮቹ በየ50 ግራሙ የተሠመሩ ከሆነ፣ 612 የሚል ቁጥር ከየት ተነበበ? ይህ ጥያቄ ዕፁ ጎድሏል የሚል አይደለም፤ ዝርዝሩ የተጻፈው እዚያው በተያዘበት ቦታ ነው ወይስ በኋላ ቢሮ ውስጥ ነው የሚለውን ነው የሚያወጣው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔ እንደ ባለሙያ ከክብደቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ የፌስታሉና የፖስታው ጉዳይ ነው። ዓርብ የተያዘው በጥቁር ፌስታል ውስጥ ነው፤ ላብራቶሪው ጋ የደረሰው በካኪ ፖስታ ነው። መርማሪው ለመላኪያ ብሎ አዛውሮት ሊሆን ይችላል፣ ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ማን አዛወረው፣ መቼ፣ በማን ፊት፣ ፌስታሉስ የት ደረሰ? ቢላዋ ወይም ሽጉጥ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩን ወይም ምልክቱን አይቶ ያው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። የደረቀ ቅጠል ግን ከሌላ የደረቀ ቅጠል አይለይም፤ ማንነቱ ያለው በማሸጊያው፣ በማኅተሙና በላዩ በተጻፈው ላይ ብቻ ነው። በአንድ የኤግዚቢት ሣጥን ውስጥ በዚያው ሳምንት ሌላ ካናቢስ ከነበረ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ስለዚህ ላብራቶሪው ናሙናውን የተቀበለበትን መዝገብ ቅጂ ይጠይቁ፤ እዚያ ላይ ፖስታው ታሽጎ እንደ ደረሰ፣ ፊርማው ማሸጊያውን አቋርጦ እንደ ተፈረመ፣ ያመጣው ሰው ስምና ሰዓቱ መመዝገብ ነበረበት።

አባ ጅፋር ሰፈር

ልጄ፣ የእኔም ጉዳይ ከዚህ ጋር አንድ ነው። ሞተር ሳይክሌ በአደጋ ምክንያት ለኤግዚቢት ተይዛ ከወራት በኋላ ስትመለስ ባትሪዋና መስታወቶቿ ተነቅለው ነበር። ማን እንደ ወሰደው የሚነግረኝ አጣሁ። ካሳ መጠየቅ እችላለሁ ወይ?

ዐቃቤ ሕግ ነኝ

የአባታችን ጥያቄ ራሱን የቻለ ነው፣ በሌላ ርእስ ቢያቀርቡት የተሻለ መልስ ያገኛሉ፤ ሲረከቡ የፈረሙበት የመመለሻ ቅጽ ካለ ግን ከእጅዎ አያውጡት።

ወደ ባልደረባዬ ጥያቄ ስመለስ፣ ከዳዊት ጋር አልስማማም። በእኛ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ርክክቡ ስለ ተጓደለ ማስረጃው ወዲያውኑ ይወገድ የሚል ድንጋጌ የለም። አንቀጽ 33 በብርበራ የተያዘ ንብረት ዝርዝር እንዲዘጋጅለት፣ የሚቻል ሲሆን ገለልተኛ ሰው ዝርዝሩን አይቶ እንዲፈርም፣ ንብረቱም ለፍርድ ቤት እስኪቀርብ ድረስ በጥንቃቄ እንዲጠበቅ ያዛል። ይህ ሳይሟላ ሲቀር ተግባራዊው ውጤት ችሎቱ ለማስረጃው የሚሰጠው ክብደት መቀነሱ ነው። ዳዊት ባለበት አገርም ቢሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በሜሌንዴዝ ዲያዝ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ በቅብብሎሹ ላይ ያለ ክፍተት በመደበኛው የሚነካው የማስረጃውን ክብደት እንጂ ተቀባይነቱን እንዳልሆነ ገልጿል።

እኔ በዚህ ክስ ብሆን ክፍተቱን የምሞላው በሰው ነው። ዓርብ ምሽት የያዘውን መርማሪ፣ ሰኞ የተረከበውን የኤግዚቢት ሠራተኛ፣ ወደ ላብራቶሪ ያደረሰውን አባል በምስክርነት እቆጥራለሁ። መርማሪው «በጠረጴዛዬ መሳቢያ ቆልፌ አስቀምጬዋለሁ፣ ቁልፉም ከእኔ ጋር ነበር» ብሎ ጸንቶ ከመሰከረ፣ ወረቀት ባይኖርም ብዙ ችሎቶች ያምኑታል። ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ደንበኛዎ በአንቀጽ 35 መሠረት ፍርድ ቤት ቀርቦ የእምነት ቃል ሰጥቷል? ሰጥቶ ከሆነ የርክክቡ ክርክር ብዙም አያራምድዎትም፣ ምክንያቱም የተያዘው ነገር ምን እንደሆነ ራሱ ተናግሯል።

ዳዊት፣ ከቨርጂኒያ

ስለ ክብደትና ተቀባይነት የተባለውን ተቀብያለሁ፤ ቢሮአችን ውስጥ የምሰማው ጠበቆች ሲከራከሩ እንጂ ዳኛ ሲወስን አይደለምና። የሲምፕሰንን ነገር ግን እንዲሁ አልተውም፤ የ64 ግራሙን ጉዳይ በደንብ ያሳያል።

የቀድሞ የላብራቶሪ ባለሙያ

ያሳያል፣ ነገር ግን ዳዊት ባለበት መንገድ አይደለም። ደሙን የቀዳው የፖሊስ ነርስ በቅድመ ምርመራው ችሎት የቀዳሁት ከ7.9 እስከ 8.1 ሚሊ ሊትር ነው ብሎ መሰከረ። ተከላካዮቹ በየምርመራው የወጣውንና በብልቃጡ የቀረውን ደምረው 6.5 ገደማ ብቻ አገኙ፤ አንድ ተኩሉ ጎደለ ያሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ነርሱ ግን በኋላ በቪዲዮ በሰጠው ቃል መጠኑን በትክክል እንዳልለካና ከተናገረው ያነሰ ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ማለትም የጎደለው ደም ነው ወይስ የመጀመሪያው ቁጥር ነው የተጋነነው የሚለው አልተፈታም። የእርስዎ 612 ደግሞ ልክ እንደዚያ ነው።

ክርክሩን አስፈሪ ያደረገው ቁጥሩ ብቻውን አልነበረም። መርማሪው ብልቃጡን እዚያው በፖሊስ መሥሪያ ቤት እንደማስመዝገብ ይዞት ወደ ሲምፕሰን መኖሪያ ቤት ሄደ፣ እዚያ ማስረጃ ይሰበስብ ለነበረው ባለሙያም አስረከበው። ስለዚህ የተከሳሹ ደም፣ ሳይመዘገብ፣ ደም ተገኘ የተባለበት ግቢ ውስጥ ገባ። በሟቿ ቤት የኋላ በር ላይ የነበረው ደም የተሰበሰበው ግድያው ከተፈጸመ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ መሆኑ ሲጨመርበት፣ ተከላካዮቹ ከዚያ ብልቃጥ ተወስዶ የተቀባ ነው የሚል ታሪክ የሚገነቡበት ቦታ አገኙ። ሰውየው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1995 ነጻ ተባለ፤ ለዚህ ግን ሌሎች ብዙ ምክንያቶችም ስለ ነበሩ በደሙ ብቻ ነው ማለት ልክ አይሆንም።

ለጠያቂዋ የሚጠቅማቸው ይህ ነው፦ ክፍተቱ በተፈጠረበት ጊዜ ውስጥ ምን ሊደረግ ይችል እንደነበር ያሳዩ። በሦስቱ ሌሊቶች ወደዚያ ቢሮ ማን ይገባ ነበር፣ ሌላ ዕፅ ተይዞ ነበር ወይ፣ ፌስታሉ ዛሬ የት አለ?

ጀማሪዋ ጠበቃ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደንበኛዬ በአንቀጽ 35 ቃል አልሰጠም። የኤግዚቢት መዝገቡን ቅጂ ዛሬ አይቻለሁ። የሰኞው መስመር ላይ «የዕፅ ዓይነት ቅጠል» ተብሎ ሲጻፍ ስለ ማሸጊያው የሚሞላው ቦታ ባዶ ነው፤ አስረካቢው ፈርሟል፣ ተቀባዩ ግን ስሙን እንጂ ፊርማውን አላኖረም። አሁን የቸገረኝ ነጥቡን መቼ እንደማነሣው ነው።

ዐቃቤ ሕግ ነኝ

በእኔ ግምት ቀድመው ቢያነሡት እኔ ወገን ያለው ሰው ይነቃል። ፍርድ ቤቱም ለትክክለኛ ፍትሕ አስፈላጊ ነው ያለውን ምስክር በአንቀጽ 143 በራሱ መጥራት ይችላል፤ ስለዚህ ክፍተቱ በእርስዎ ጥያቄ ምክንያት ሊደፈን ይችላል። መርማሪው በዋና ጥያቄ ላይ ፌስታሉን ራሱ ይግለጽ፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ቀለሙን፣ አስተሳሰሩን፣ ማን እንዳሰረው ያስደግሙት። «ቀይረኸው ይሆን?» ብለው አይጠይቁት፤ «አልቀየርኩም» ብቻ ነው የሚልዎ። ፖስታውን የሚያነሡት መርማሪው ቃሉን ከጨረሰ በኋላ፣ የላብራቶሪው ባለሙያ ሲቀርብ ነው። ከዚያ በአንቀጽ 141 ተከሳሹ ሳይከላከል ይሰናበት ብለው ሲጠይቁ ሁለቱን ቃሎች ጎን ለጎን ያቀርባሉ።

የቀድሞ የላብራቶሪ ባለሙያ

በዚህ እኔ እለያለሁ። የተመረመረው ናሙና ትንሽ ነው፣ ቀሪው ዕፅና ፖስታው ራሱ እስከ ውሳኔ ድረስ ካልተጠበቀ በኋላ የሚታይ ነገር አይኖርም። ስልቱን ለመጠበቅ ሲባል ፖስታው ቢወገድ ጉዳቱ ለማን ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሹ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብት ሰጥቶታል፤ ኤግዚቢቱና ማሸጊያው በአካል በችሎት እንዲቀርቡ ምስክር ከመሰማቱ በፊት ቢያመለክቱ ይሻላል።

ዐቃቤ ሕግ ነኝ

ያ ማመልከቻ ራሱ ደወል ነው፤ እኔ ቢሆን በዚያው ቀን ተቀባዩን ፈልጌ አነጋግር ነበር።

ጀማሪዋ ጠበቃ

ማመልከቻው ኤግዚቢቱን በጥቅሉ የሚመለከት፣ ስለ ማሸጊያው በተለይ ምንም የማይናገር ቢሆንስ? የሚቀጥለው ቀጠሮ ሳይደርስ በዚህ ላይ ሐሳብ ያላችሁ ብትጽፉልኝ።