የ1 ደቂቃ ቻርት ላይ ያተርፋል፣ ሪል አካውንት ላይ ይከስራል፣ የት ነው የሚበላው?

ዳዊት፣ አዲስ አበባ

ሰላም ቤተሰብ እንደምን ሰነበታችሁ። ከሜሪላንድ ጠቅልዬ ከገባሁ 8 ወር ሆኖኛል፣ ስታዲየም ጀርባ ነው የተከራየሁት። ስመጣ ያሰብኩት ቢያንስ የቤት ኪራዩን በትሬዲንግ ልሸፍን ብዬ ነበር፣ አሁን ግን ግራ ገብቶኛልና የምታውቁ እርዱኝ።

ስትራቴጂዬ ቀላል ነው፣ ዩሮ ዶላር በ1 ደቂቃ ቻርት፣ የ9ኙ ኢኤምኤ የ21ዱን ወደ ላይ ሲቆርጥ አርኤስአይ ከ50 በላይ ከሆነ እገዛለሁ፣ በተቃራኒው ከሆነ እሸጣለሁ። ቲፒ 6 ፒፕ ስቶፕ 5 ፒፕ። ከመጀመሬ በፊት 400 ሲግናል ወደ ኋላ ሄጄ አንድ በአንድ ከቻርቱ እያየሁ ኤክሴል ላይ መዘገብኩ፣ 208ቱ ቲፒ መቱ 192ቱ ስቶፕ። 0.10 ሎት ስለምገባ አንድ ፒፕ አንድ ዶላር ነው፣ ሲደመር 288 ዶላር ትርፍ። ከዛ ሪል ገባሁ፣ ሰባት ሳምንት ሰራሁና 400 ትሬድ ሞላሁ፣ ውጤቱ 200 ዶላር ኪሳራ! ሕጉን አንድም ቀን አልጣስኩም። አርኤስአዩን ከ14 ወደ 7 ልቀይረው ወይስ ኢንዲኬተሩን ጭራሽ ልጣለው?

ዮናስ፣ ስቶክሆልም

ወንድሜ ኢንዲኬተሩን ተወው፣ የበላህ ስፕሬድ ነው። እኔም እንደዛው ሆኜ ነበር፣ አካውንቴ ላይ ስፕሬዱ 1.4 ፒፕ ነበር፣ ለ6 ፒፕ እየሮጥክ 1.4 ከፍለህ መጀመር ማለት ነው። ዜሮ ስፕሬድ የሚባለውን አካውንት ክፈትና ተገላገል።

ዳዊት፣ አዲስ አበባ

ዮኒ አመሰግናለሁ ግን እኔ እኮ እሱ ላይ ነው ያለሁት። ስፕሬዱ ሁሌ 0.2 አካባቢ ነው የሚያሳየኝ። ለዛ ነው ግራ የገባኝ።

ሒሩት፣ ለንደን

ዳዊትዬ እንኳን ደህና ገባህ። እኔ ስድስት ዓመት ብሮከር ቤት ኦርደር የሚፈጸምበት ክፍል ነው የሰራሁት፣ እንዳንተ ዓይነት አካውንት በየቀኑ አይ ነበር። ሁለት ነገር ንገረኝ። በአንድ ሎት ስንት ኮሚሽን ነው የሚያስከፍሉህ? ከ400ው ውስጥ ስንቱ ነው ቲፒ የመታው? አንድ ስቶፕ የበላ ትሬድ ደግሞ ከሂስትሪህ እንዳለ ኮፒ አድርገህ ለጥፍልኝ።

ዳዊት፣ አዲስ አበባ

እሺ እህቴ። ኮሚሽን ደርሶ መልስ 7 ዶላር በሎት ነው፣ ለኔ 70 ሳንቲም ይመጣል፣ ትንሽ ስለሆነ ልብ ብዬውም አላውቅም። ሪሉ ላይ ልክ 200 ለ200 ነው የወጣው። ይሄው አንድ ስቶፕ

```
buy  0.10  EURUSD  1.08478  [sl 1.08472]
```

ሒሩት፣ ለንደን

በቃ ይሄ ይበቃኛል፣ አብረን እንደምረው። በኤክሴልህና በሪሉ መሀል ያለው ልዩነት 488 ዶላር ነው፣ 288 አተርፋለሁ ብለህ 200 ከስረሃል። ይሄ 488 የት ሄደ?

ትልቁ ኮሚሽን ነው። 70 ሳንቲም በ400 ስታበዛው 280 ዶላር። ብቻውን ትርፍህን ጠራርጎ ወስዶታል ማለት ነው፣ ሌላ ምንም ባይደርስብህ እንኳ 8 ዶላር ነበር የሚተርፍህ። ዜሮ ስፕሬድ ሲሉህ ዋጋው ጠፋ ማለት አይደለም፣ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ፣ 7 ዶላር በሎት ማለት 0.7 ፒፕ ማለት ነው።

ሁለተኛው የለጠፍከው መስመር ላይ አለ። ሽጠህ ስለነበር መውጫው buy ነው፣ ስቶፕህ 1.08472 ላይ ነበር፣ የወጣኸው ግን ከፍ ብሎ 1.08478 ላይ ነው። 0.6 ፒፕ ስሊፔጅ። ስቶፕ ሎስ ሲነካ ወደ ማርኬት ኦርደር ስለሚቀየር ያኔ ባገኘው ዋጋ ነው የሚወጣው፣ ዋጋው ደግሞ ያኔ አንተ ላይ እየሮጠ ነው። ሁሉም እንደዚህ ናቸው አልልህም፣ ግን አማካያቸው 0.6 ከሆነ 200 ስቶፕ 120 ዶላር ያስወጣሃል።

ቀሪው 88 ዶላር ነው፣ እሱ ስፕሬድህ ነው። ስፕሬድን ሂስትሪ ላይ ፈልገህ አታገኘውም፣ ኮሚሽን የራሱ ኮለም አለው፣ ስሊፔጅ እንዳየኸው ሁለቱን ዋጋ ስታስተያይ ይታያል፣ ስፕሬድ ግን የማሸነፍ ቁጥርህ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚወጣው። ስትገባ 0.2 ከኋላ ስለምትጀምር ቲፒው ትንሽ ይርቅሃል ስቶፑ ትንሽ ይቀርብሃል፣ ስለዚህ ኤክሴሉ ላይ ለጥቂት ቲፒ የመቱት አንዳንዶቹ ሪሉ ላይ ለጥቂት ስቶፕ ይሆናሉ። 208 የነበረው 200 ሆነ፣ ስምንት ትሬድ ከ+6 ወደ -5 ሲገለበጥ 11 ዶላር በ8፣ 88። ለ400 ስታካፍለው 0.22 ፒፕ ይመጣል፣ ልክ ስክሪንህ ላይ የምታየው ስፕሬድ። በእርግጥ ስምንት ትሬድ በዕድልም ይመጣል ይሄዳል፣ ይሄን ያህል ልክ መግጠሙ አጋጣሚም ሊሆን ይችላል፣ አቅጣጫው ግን ሁሌ ወደዛው ነው።

ስለዚህ አርኤስአዩን አትንካው። ኢንዲኬተርህ በአንድ ትሬድ 0.72 ፒፕ ይሰጥሃል፣ ወጪህ 1.22 ነው።

ጋሽ ተፈራ፣ ዴንቨር

ልጆቼ እንደምን አላችሁ። ስፕሬድ የምትሉት ባንክ ዶላር የሚገዛበትና የሚሸጥበት ልዩነት ነው አይደል? እኔ በየወሩ አራት ኪሎ ላሉት እናቴ እልካለሁ፣ ሁልጊዜ በመግዣው ነው የሚመነዝሩላቸው። ይህንንም ብትነጋገሩበት ጥሩ ነበር።

ሒሩት፣ ለንደን

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እናትዎን ሰላም በሉልኝ። አዎ ነገሩ አንድ ዘር ነው፣ መግዣና መሸጫ። እርስዎ ግን በወር አንዴ ነው ያንን በር የሚያልፉት፣ ዳዊት በሰባት ሳምንት 400 ጊዜ አልፎበታል። ለዛ ነው የሱ ትንሽ ብትሆንም የጎዳችው። የእርስዎን በሌላ ርዕስ ይክፈቱትና እንመጣለን።

መክብብ፣ ፍራንክፈርት

እኔ የሚታየኝ የኢንተርኔት ችግር ነው። ከአዲስ አበባ ለንደን ሰርቨር ድረስ ኦርደሩ እስኪደርስ ዋጋው ይቀየራል፣ መብራትም ይጠፋል ምናምን። ቪፒኤስ ተከራይና ሰርቨሩ አጠገብ አስቀምጠው፣ ስሊፔጁ ይጠፋል።

ሒሩት፣ ለንደን

መክብብ ግማሹ ልክ ነው። በማርኬት ስትገባ ሲግናሉን ካየህበት ዋጋና ከገባህበት ዋጋ መሀል ያለው ልዩነት በቪፒኤስ ይቀንሳል፣ በተለይ 1 ደቂቃ ላይ። ስቶፑ ግን አንዴ ከተላከ ብሮከሩ ሰርቨር ላይ ነው የተቀመጠው፣ የዳዊት ላፕቶፕ ቢጠፋም ስታዲየም አካባቢ መብራት ባይኖርም እዛው ይነካል እዛው ይፈጸማል። ስለዚህ ያቺ 120 ዶላር በቪፒኤስ አትመለስም፣ ኪራዩ ደግሞ በየወሩ ተጨማሪ ወጪ ነው።

ዳዊት፣ አዲስ አበባ

እህቴ እንዲህ ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ ራሴን ነበር የምወቅሰው። አንድ ግን እስካሁን የሚያናድደኝ ነገር አለ። ቀን ስራ ላይ ስለሆንኩ አንዳንዴ ማታ ነው የምሰራው፣ አንድ ቀን ሽጬ ይዤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስቶፔ ተበላ፣ ቻርቱን ሳየው ግን ዋጋው ስቶፔ ጋር አልደረሰም፣ 2 ፒፕ ገደማ ይቀረዋል። ስክሪንሹት አለኝ። ይሄስ ምን ይባላል?

ዮናስ፣ ስቶክሆልም

ይሄማ ግልጽ ሌብነት ነው፣ ስቶፕ እያደኑ ነው። ያን ብሮከር ዛሬውኑ ልቀቀው።

ሒሩት፣ ለንደን

ዮኒ ቆይ። ሜታትሬደር ላይ ካንድሉ የሚሳለው በቢድ ነው። የሸጠ ሰው ሲወጣ የሚገዛው ደግሞ በአስክ ነው፣ ስለዚህ የሸጥክ ጊዜ ስቶፕህን የሚነካው ቻርቱ ላይ የማታየው ዋጋ ነው። ቀን ላይ ልዩነቱ 0.2 ስለሆነ አይታወቅህም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ግን ኒውዮርክ ከቀኑ 11 ሰዓት ሞላ ማለት ነው፣ የባንኮች ቀን የሚዘጋበት ሰዓት ነው፣ ዋጋ የሚሰጡት ባንኮች ለጊዜው ገለል ይላሉና ስፕሬዱ ለጥቂት ደቂቃ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። በነሱ ክረምት ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ በኛ ወደ 7 ሰዓት ይሄዳል። ቻርት ሴቲንግ ውስጥ የአስክ መስመርን ክፈትና በዛ ሰዓት ቁጭ ብለህ እየው፣ መስመሩ ከካንድሉ ሲርቅ በዓይንህ ታየዋለህ።

የምትሰራ ከሆነ ለንደንም ኒውዮርክም ክፍት የሆኑበት ሰዓት ይሻላል፣ በኛ ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 1 ገደማ። ስራ ላይ ከሆንክ ደግሞ ስትራቴጂው ከኑሮህ ጋር አይሄድም ማለት ነው፣ እሱንም አስብበት።

ዮናስ፣ ስቶክሆልም

እሺ ይሄኛው ገባኝ። ግን ስሊፔጁ ሁሌ እነሱን በሚጠቅም በኩል ብቻ ከሆነስ? ያንን ገበያ ነው ብለሽ ታልፊዋለሽ?

ሒሩት፣ ለንደን

አላልፈውም፣ እሱ ልክ ጥያቄ ነው። በስቶፕ ግን አትለካውም፣ ስቶፕ ሲመታ ዋጋው ቀድሞውንም ወደ ጉዳትህ እየሄደ ስለሆነ በአብዛኛው መጥፎውን ነው የምታገኘው። መግቢያዎቹን ነው ማየት። ዳዊት የተጫነበትን ሰዓት ዋጋና የተፈጸመበትን ዋጋ ለ200 መግቢያ ጎን ለጎን ይጻፍ። ጥቂቶቹ እንኳ ከጠየቀው የተሻለ ዋጋ ካላገኙ፣ ሁሉም ወይ እኩል ወይ የባሰ ከሆኑ፣ እኔም እጠረጥራለሁ። ከዛ በፊት ሌባ ለማለት አልደፍርም።

ዳዊት፣ አዲስ አበባ

እጽፋለሁ። እና ምን ላድርግ? 15 ደቂቃ ላይ ብወጣስ?

ሒሩት፣ ለንደን

ሂሳቡ ይቀልልሃል። አሁን ባለህበት፣ ያለ ወጪ ቢሆን ከ100 ትሬድ 46 ብታሸንፍ ይበቃህ ነበር፣ በዚህ ወጪ ግን ኤክሴልህ ላይ 57 ማሸነፍ አለብህ፣ አንተ ያለህ 52 ነው። 15 ደቂቃ ላይ ቲፒ 18 ስቶፕ 15 ብታደርግ ወጪው ያው 1.22 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ 50 ብታሸንፍ ትወጣለህ። ግን ያ 52 እዛ ላይ አብሮህ ይሄዳል ብለህ እንዳታስብ፣ አዲስ ቆጠራ ነው፣ ሲግናሉም ስለሚቀንስ 400 ለመሙላት ወራት ይፈጅብሃል። አሁን ግን ስትቆጥር ከእያንዳንዷ መስመር 1.2 ቀንስና ነው የምትጽፈው። የቤት ኪራይ የሚባለውን ነገር ከዚህ ውስጥ አውጣው፣ እባክህ፣ ቢያንስ እስከዛ።

መክብብ፣ ፍራንክፈርት

በሊሚት ኦርደር ቢገባስ? ያኔ መግቢያው ላይ ስሊፔጅ የለም።

ሒሩት፣ ለንደን

ከጠየቅከው ዋጋ የባሰ አይሰጥህም፣ እውነት ነው። ችግሩ ሊሚት የሚሞላልህ ዋጋው ወደ አንተ ሲመለስ ነው። ሲግናሉ መጥቶ ወዲያው የሚሮጠው ትሬድ ጥሎህ ይሄዳል፣ የሚመለሰው ይሞላል፣ ከሚመለሱት ውስጥ ደግሞ ስቶፕ የሚበሉት ይበዛሉ። ይጠቅማል አይጠቅምም በስትራቴጂው ነው፣ ያልተሞሉትን ካልቆጠርክ አታውቀውም።

ዳዊት፣ አዲስ አበባ

ሰላም፣ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሊሚቱን በትንሹ ሎት፣ በ0.01 ሞከርኩት። 60 ሲግናል፣ 38 ሞሉ 22 አልሞሉም። ከሞሉት 19 ቲፒ 19 ስቶፕ። ካልሞሉት 22 ውስጥ ግን 15ቱ ሄደው ቲፒ መተው ነበር፣ ልክ እንዳልሽው። 15 ደቂቃውን በወረቀት ነው የያዝኩት፣ እስካሁን 31 ሲግናል ብቻ ነው ያለኝ፣ ምንም ማለት አይቻልም። መግቢያዎቹን 140 ጽፌያለሁ፣ 9ኙ ከጠየቅኩት የተሻለ አግኝተዋል፣ 80ው እኩል፣ 51ዱ የባሰ። ሒሩትዬ ይሄ ያስጠረጥራል ወይስ ኖርማል ነው?

ዮናስ፣ ስቶክሆልም

9 ለ51? እኔ አሁንም አላመንኳቸውም።

ሒሩት፣ ለንደን

የኢኤምኤ መቁረጥ ዋጋው መሮጥ ከጀመረ በኋላ ስለሚመጣ የባሰው መብዛቱ ይጠበቃል፣ 9 ግን ትንሽ አነሰብኝ። 200 ሙላና እያንዳንዱ የተጫነበትን ሰዓት ለይተህ ላክልኝ፣ 51ዱ ማታ ላይ ተከማችተው እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።