ዶክተር ታደሰ ወይስ ዶክተር ደስታ? «ጊዜህን» ወይስ «ጊዜዎን»?

ሰማያዊ ብዕር፦ የመመረቂያ ጽሑፌን ላነበቡልኝ ምሁር ምስጋና ልልክ ነው። ስማቸው ደስታ ታደሰ ነው። በኢሜይል እንጂ በአካልም በስልክም ተገናኝተን አናውቅም። ረቂቁ ይኸው፦

«ውድ ዶክተር ታደሰ፣ ጽሑፌን አንብበው ስለሰጡኝ አስተያየት ከልብ አመሰግናለሁ። ጊዜህን ሠውተህ እዚህ ስላደረስከኝ ውለታህን አልረሳም።»

ቅር የሚያሰኝ ነገር አለው?

ዋርካ፦ አለው እንጂ። ታደሰ የአባታቸው ስም ነው። «ዶክተር ታደሰ» ስትል ማዕረጉን ለአባትየው ሰጠኸው። ማዕረግ ከራስ ስም ጋር ነው የሚሄደው፤ «ዶክተር ደስታ» በል። ሁለተኛው ይብሳል። «አንብበው ስለሰጡኝ» ብለህ በእርስዎ ጀመርክ፤ «ጊዜህን» ላይ ስትደርስ አንተ አልካቸው። ከሌላ ሰው መልእክት የቀዳኸው ይመስላል።

ሰማያዊ ብዕር፦ እውነት ነው፣ ለጓደኛዬ ከጻፍኩት ላይ ነው የቀዳሁት።

ቀለም ቀንድ፦ ደስታ እኮ የሴትም ስም ነው። ሴት ቢሆኑስ? «ጊዜሽን» ይባል።

ዋርካ፦ ስለ ስሙ ልክ ነው። «ጊዜሽን» ግን ከግምትም አልፎ አንቺ ማለት ነው። እርስዎ ጾታ አይለይም። «ጊዜዎን ሠውተው እዚህ ስላደረሱኝ ውለታዎን አልረሳም» ቢባል ወንድም ሆኑ ሴት ያስኬዳል። የሚያስቸግረው አቶና ወይዘሮ መምረጥ ነው፤ እዚህ «ዶክተር» ገላግሎሃል።

ሰማያዊ ብዕር፦ ገላግሎሻል በል። ሴት ነኝ።

ዋርካ፦ ውይ! ይቅርታ እህቴ፣ የነገርኩሽን እኔው አጠፋሁት።

የሰፈር ልጅ፦ እርስዎ ሁልጊዜ አያዋጣም። እኔ አብራኝ ለምትሠራ እኩያዬ «ስለረዱኝ አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። «ምን አስቀየምኩሽ?» ብላ ደወለች። የተኮራረፍን መስሏታል። ደግሞ «ስለረዱኝ» እነሱም ማለት ይሆናል።

ሰማያዊ ብዕር፦ እኩያ ሆኖ ጾታው ካልታወቀስ?

ዋርካ፦ «ለተደረገልኝ እገዛ አመሰግናለሁ» ማለት ይቻላል። አድራጊው አይጠራም። ግን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደብዳቤ ይላል። እኔ የሚያውቃቸውን ሰው ብጠይቅ እመርጣለሁ።

ቀለም ቀንድ፦ ስሙን ራሳቸው እንደሚጽፉት ጻፊ። ፀሐይ ብለው የሚፈርሙትን ጸሐይ ብትያቸው ቅር የሚላቸው አሉ።

ሰማያዊ ብዕር፦ አስተካከልኩት። ግሱን ሁሉ አየሁ ብዬ ነበር፤ መጨረሻ ላይ «ለቤተሰብህም ሰላምታዬ ይድረስ» የምትል ቀርታ አገኘኋት። «ለቤተሰብዎም» አልኩ።

የሰፈር ልጅ፦ «ለቤተሰብዎትም» አይሻልም? እኛ ቤት እንደዚያ ነው የሚባለው።

ዋርካ፦ ሲነገር እሰማለሁ። በጽሑፍ እኔ «ዎ» ላይ አቆማለሁ፣ «ት» ትርፍ ትመስለኛለች።

ቀለም ቀንድ፦ ለእኔ ትርፍ አይደለችም። «አመሰግንዎታለሁ» ስትል «ት»ን ትጽፋት የለ?