ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፍጻሜ የሚወጡ ጥያቄዎች፦ የጋራ ሐሳብ ለማዘጋጀት የተከፈተ የዕቅድ ውይይት

ሰላማዊት (የንባብ ማኅበሩ ጸሐፊ)፦
የተከበራችሁ የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጨ አባላት፣ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ ወር መጨረሻ አንብበን ስለምንጨርስ፣ ስለ ፍጻሜው በቴሌግራም ገጻችን ላይ የምናወጣቸውን የድምፅ መስጫና የውይይት ጥያቄዎች ከወዲሁ አብረን እንድናዘጋጅ ይህን ውይይት ከፍቻለሁ። ባለፈው መጽሐፍ «ፍጻሜውን ወደዳችሁት?» ብለን ጠይቀን «አዎ»፣ «አልወደድኩትም»፣ «በከፊል» የሚሉ ምርጫዎች አቅርበን ነበር። 46 ሰዎች ድምፅ ሲሰጡ ከሥሩ አስተያየት የጻፉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ምርጫውን የነካ ሰው ሌላ የሚናገረው ነገር አልቀረለትም ነበርና። ለዚህኛው ያሰብኩት ረቂቅ ይህ ነው፦ «ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ ሞት ከሁሉ በላይ ተጠያቂው ማን ነው?» ምርጫዎቹም ፊታውራሪ መሸሻ፣ የበዛብህ እናት፣ የዘመኑ ሥርዓት እና አጋጣሚ ናቸው። እባካችሁ አርሙት።

ዳዊት፦
ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ሆኖም ሰው እንዳይጨነቅ «ሁሉም» የሚል አምስተኛ ምርጫ ቢጨመር ብዙ ድምፅ እናገኛለን ብዬ አምናለሁ። በቻናላችን የሚሰጠው ድምፅ የሰጪውን ስም ስለማያሳይም፣ ለመጻፍ የሚያፍሩት አባላት ሳይቀሩ ይሳተፋሉ። ትክክለኛውን መልስ የሚያሳየውን የኩዊዝ ዓይነት ብንጠቀም ደግሞ ይበልጥ ይስባል።

መምህር ኃይሉ፦
ዳዊት ስምን ስለ መሰወር ያልከው ልክ ነው፤ አስተያየት ለመጻፍ የሚቸገር ሰው በዚያ በር ይገባል። «ሁሉም» የሚለውን ግን አልስማማበትም፤ ምክንያቱም ማንም ሳያስብ የሚያርፍበት ምርጫ ስለሚሆን፣ ድምፁ ይበዛል እንጂ የሚከራከር ሰው አይገኝም። ኩዊዙም ቢሆን አንድ መልስ ብቻ ትክክል አድርጎ ሌላውን ስህተት ስለሚል፣ ማስረጃ ለሚቀርብበት ጥያቄ አይሆንም። ስህተት የተባለ አንባቢ ተመልሶ ሐሳቡን አይጽፍም።

ሰላማዊት ያቀረበችው ረቂቅም ቢሆን ያው ድክመት በሌላ መልክ አለበት። «የዘመኑ ሥርዓት» የሚለው ምርጫ ብዙዎቻችን ስለዚህ ልብ ወለድ ሲነገር የሰማነው መልስ ስለሆነ ድምፁን ሁሉ ይወስዳል። ያን የመረጠ ሰው «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅም ከመጽሐፉ አንድ ትዕይንት ሳይጠቅስ ስለ ዘር ቆጠራና ስለ መሳፍንት በጥቅሉ ይናገራል። ስለዚህ ሰዎችን ከመጠየቅ ይልቅ ውሳኔዎችን ብንጠይቅ የተሻለ ይመስለኛል፦ «ከእነዚህ ውሳኔዎች አንዱ ብቻ ቢለወጥ ኖሮ ፍጻሜውን ይበልጥ የሚለውጠው የትኛው ነበር?» ምርጫዎቹ ሦስት ይሁኑ። ፊታውራሪ መሸሻ ቀደም ብለው ሰብለን ከጠየቁት ለአንዱ ቢድሯት፤ ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን በስእለት ባይሰጡ፤ በዛብህ ሰብለን ትቶ ብቻውን ባይሄድ።

ሦስቱም የሚያከራክሩ ናቸው። የመጀመሪያውን የመረጠ ሰው ሰብለ ቀድማ ብታገባ ኖሮ በዛብህ ሊያስተምራት ወደዚያ ቤት ሲገባ እንደማያገኛት፣ ማለትም የተለወጠው ፍጻሜው ሳይሆን ፍቅሩ ራሱ እንደሆነ ሌላው ያነሣበታል። ሁለተኛውን የመረጠም ስእለቱ ባይኖር በዛብህ ከማንኩሳ ተነሥቶ ለትምህርት ዲማ ይደርስ ነበር ወይ ለሚለው መልስ መፈለግ አለበት።

ጋሽ ታደሰ፦
ልጆቼ፣ እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው፤ ትቷት ባይሄድ ኖሮ እንዲያ አይሆኑም ነበር። መጽሐፉን በእጄ ሳልይዘው በፊት ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነበው ነው የሰማሁት፤ የጉዱ ካሣ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ባለቤቴ በዛብህ ፈሪ ነው ትለኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ስእለቱ ሕሊናውን አስሮት ነው እላት ነበር።

ሰላማዊት፦
ጋሽ ታደሰ፣ ድምፅ መስጠቱ ገና አልተጀመረም፤ አሁን የምንነጋገረው ጥያቄውን እንዴት እንደምናቀርበው ነው። ሆኖም የጻፉልን ነገር ሦስተኛው ምርጫ ክርክር እንደሚያስነሣ አሳይቶናል፤ እርስዎና ባለቤትዎ ስለ አንድ ውሳኔ ሁለት ምክንያት ሰጥታችኋልና።

መምህር ኃይሉ፦
ጋሽ ታደሰ ሳያስቡት ሌላም ነገር አነሡልን። ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ ታሪኩን በሬዲዮ የሰሙ፣ ሌሎቹ ያነበቡ ናቸው፤ መጽሐፉም በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ደጋግሞ ስለታተመ ሁላችንም አንድ ዓይነት ቅጂ አልያዝንም። ስለዚህ በተከታዩ የጽሑፍ ጥያቄ «የትኛው ገጽ ላይ?» ብለን ብንጠይቅ ግማሹን ሰው እናስወጣለን። «የትኛው ትዕይንት ነው እንዲህ ያሰኛችሁ?» ካልን ግን የሰማም ያነበበም ይመልሳል።

ወይዘሮ አልማዝ፦
እኔ መጽሐፉን ገና አልጨረስኩም። ከመርካቶ ማታ ተሰልፌ በአውቶቡስ ቤቴ የምደርሰው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ግድም ሲሆን፣ የማነበውም በመንገድ ላይ ነው። የሰላማዊት ረቂቅ «ሞት» የሚል ቃል ስላለበት፣ ገጹን ባልከፍተው እንኳ በስልኬ ማሳወቂያ ላይ አነበው ነበር። አርእስቱ «መቃብር» ቢልም፣ ማን፣ መቼ እና እንዴት የሚለውን ራሴ ልድረስበት።

ዳዊት፦
ታሪኩን እኮ አገር ያውቀዋል፤ ደግሞም ጽሑፉን እስኪነኩት ድረስ መሸፈን ይቻላል።

መምህር ኃይሉ፦
ተራ መልእክት ይሸፈናል፤ የድምፅ መስጫው ጥያቄ ግን አይሸፈንም፤ በማሳወቂያውም ላይ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው። የወይዘሮ አልማዝ ቅሬታ ተገቢ ነው። «ፍጻሜውን የሚለውጠው» የሚለው አገላለጽ የማንንም ዕጣ አይናገርም፤ የበዛብህ መሄድ ግን በሦስተኛው ምርጫ ላይ ስለሚታይ እዚያ ላልደረሰ ሰው ያም ቢሆን ምስጢር ይገልጣል። ለዚህ ሙሉ መፍትሔ አላገኘሁም።

ሌላው ጥንቃቄ፣ ድምፅ መስጫው አንዴ ከወጣ በኋላ ቃላቱ አይታረሙም፤ ስህተት ከተገኘ ያለን አማራጭ ማጥፋት ነው፣ የተሰጠውም ድምፅ አብሮ ይጠፋል። ስለሆነም ከመውጣቱ በፊት ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ምርጫ ወስደው ከመጽሐፉ ትዕይንት እየጠቀሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይከላከሉለት። ተከላካይ ያጣ ምርጫ ካለ ይቀየር።

ሰላማዊት፦
እስካሁን በተስማማንበት መሠረት ለማኅበሩ የሚቀርበውን ሐሳብ እንዲህ ጽፌዋለሁ። ድምፅ መስጫው ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ካረፈ በኋላ ይወጣል፤ ሦስቱም ምርጫዎች መምህር ኃይሉ በጻፏቸው መልክ ይሆናሉ፣ «ሁሉም» የሚል አይኖርም። እሑድ ማታ ውጤቱን ከማወደስ ይልቅ ጥቂት ድምፅ ያገኘውን ምርጫ አንሥተን «ይህን የመረጣችሁ፣ የትኛው ትዕይንት አሳመናችሁ?» ብለን እንጠይቃለን። ብዙኃኑ አስቀድሞ ስለተስማማ፣ የሚናገረው ያለው በቁጥር ያነሰው ወገን ነው። ማክሰኞ ደግሞ ድምፅ የማይሰጥበት አንድ ጥያቄ ብቻ ይወጣል፦ «ጉዱ ካሣ ከሁለቱ ጋር በአንድ መቃብር ባይቀበር ኖሮ ከፍጻሜው ምን ይጎድል ነበር?» ይህኛው ሙሉ በሙሉ ምስጢር ገላጭ ስለሆነ ተሸፍኖ ይወጣል። የምንቆጥረውም የድምፁን ብዛት ሳይሆን፣ አንድ ትዕይንት ጠቅሰው የጻፉትንና እርስ በርስ የተመላለሱትን ሰዎች ነው።

ዳዊት፦
የድምፁ ብዛትም አብሮ ይመዝገብ ብዬ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ድምፅ ብቻ ሰጥቶ የሄደ ሰው ለሚቀጥለው መጽሐፍ ሊጽፍ ይችላል።

ሰላማዊት፦
እመዘግበዋለሁ። ሳይቋጭ የቀረው ቅዳሜው የትኛው ቅዳሜ ይሁን የሚለው ነው። ወይዘሮ አልማዝ፣ ስንት ምዕራፍ ቀረዎት?

ወይዘሮ አልማዝ፦
አራት። ሁለት ሳምንት ብትሰጡኝ ሁለተኛውን ምርጫ እኔ እከላከልለታለሁ፤ የውድነሽን ስእለት አልፌዋለሁና።

ጋሽ ታደሰ፦
ሦስተኛው የእኔ ነው።