የእናቴ ፊት ከሠርግ ፎቶው ላይ ተቀዷል፤ በሌላ ፎቶ ልሙላው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የወላጆቼ የሠርግ ፎቶ ተቀዶ የእናቴ ፊት ግማሹ የለም። የቀረው ግንባሯ፣ ቀኝ ዓይኗ፣ የአፏ ጥግና አገጯ ነው። ትንሽ ዞር ብላ ነው የተነሳችው። ሁለት ሌላ ፎቶ አለኝ፦ ፊት ለፊት የተነሳችው የመታወቂያ ፎቶ፣ እና ክርስትና ላይ ዞር ብላ እየሳቀች የተነሳችው። GIMP የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም እችላለሁ። ከየትኛው ልውሰድ?

የጎንደር ልጅ፦ ምን አስጨነቀህ? የቀረውን ግማሽ ገልብጠህ ለጥፈው። ለወንድሜ ፎቶ እንደዚያ አድርጌ ቆንጆ ሆኖ ወጥቷል።

ባለ ፎቶ ቤቱ፦ ወንድምህ ፊት ለፊት ተነስቶ ይሆናል። ዞር ያለ ሰው ግን የወዲያኛው ጉንጩ ጠበብ ብሎ ነው የሚታየው። ከገለበጥከው ፊቷ ይሰፋል፣ ብርሃኑም ከሁለት ወገን የመጣ ይመስላል።

ጠያቂ ወንድሜ፣ የክርስትናውን ያዝ። ጥራቱ ቢያንስም የጭንቅላቷ አዟዟር መመሳሰሉ ይበልጣል። ግን ብርሃኑ በሠርጉ ካለው ወገን መምጣቱን እይ፤ ዓይኗ ውስጥ ያለችው ነጭ ነጥብ ትነግርሃለች።

ሠርጉን በ600 ዲፒአይ ስካን አድርግ። የክርስትናውን ከላዩ አስቀምጥና የታችኛውም እንዲታይህ Opacity 50 ላይ አድርገው። የቀኝ ዓይኗን ውስጠኛ ጥግ ከዓይኗ ጥግ፣ አገጯን ከአገጯ እስኪገጥም አሳንሰው፣ አሽከርክረው። ወርዱንና ቁመቱን ለየብቻ እንዳትስበው፣ ሌላ ሰው ትሆንብሃለች። ሲገጥም ከጎደለው ቦታ ውጪ ያለውን በማስክ ደብቀው። ከዚያ በCurves ጥቁሩንና ነጩን አመሳስል፣ በGaussian Blur ሽፋሽፍቷ እንደቀረው ዓይን እስኪደበዝዝ አለስልሰው። በመጨረሻ ትንሽ የፊልም ነጠብጣብ ጨምር፤ ያለዚያ የተለጠፈው ቦታ እንደ ፕላስቲክ ያበራል።

አንዲት እናት፦ የኔ ደግሞ የባለቤቴ ፎቶ የክፈፉ መስታወት ላይ ተጣብቋል። በቢላ ላላቅቀው?

ባለ ፎቶ ቤቱ፦ አይ እናቴ፣ አይንኩት! ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ስካን ያስደርጉት።

ጠያቂ፦ ሞከርኩት። ግንባሩና ዓይኑ ገጠመ። አፉ ግን ቅር አለኝ፤ ሠርጉ ላይ ከንፈሯ ዝግ ነው።

ባለ ፎቶ ቤቱ፦ አዎ፣ ሳቅ አፍ ላይ ብቻ አይቀርም። ጉንጭን ያነሳል፣ ከዓይን ሥርም ያሳብጣል። አፉን ከመታወቂያው ውሰድና የወዲያኛውን ወገን ትንሽ አጥብበው። ከዓይን ሥር ያለውን እብጠት በቀረው ዓይን ልክ አሳርፈው።

የጎንደር ልጅ፦ እንዲህ ከሦስት ቦታ ከተለቃቀመ እናቱ ናት ማለት ይቻላል? እኔ ክፍቱን እተወዋለሁ።

ባለ ፎቶ ቤቱ፦ የተቀደደውንም ስካን ለብቻው ያስቀምጥ፤ የቱ ዋናው፣ የቱ የተሞላው እንደሆነ ይታወቅ። ምስሉንም በአግድም ገልብጠህ እየው፣ ጠማማው ወዲያው ይታይሃል።

ጠያቂ፦ ገልብጬ አየሁት። ግራ ቅንድቧ ወጣ ብሏል፣ አወረድኩት። አክስቴ እሁድ ትመጣለች። የቱ እንደተሞላ ሳልነግራት አሳያታለሁ።