ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች ሠራተኛን የዓመት ምዘና እንዴት ልሙላ?

ጠያቂ (የሽያጭ ቡድን መሪ)
ሰላም ለሁላችሁ። በቡድኔ ያለች አንዲት የሽያጭ ሠራተኛ ከበጀት ዓመቱ አራተኛ ወር መጀመሪያ እስከ ስምንተኛው ወር መጨረሻ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። የአንድ ሰው የዓመት ዕቅድ 60 ውል ማስፈረም ነው፤ እሷ ያስፈረመችው 23 ነው። ሲስተሙ 38 በመቶ ብሎ ከአምስት አንድ ነጥብ ሰጥቷታል። በእኛ ቤት 3 ለማግኘት 90 በመቶ፣ 4 ለማግኘት ደግሞ ከ115 በመቶ በላይ ያስፈልጋል። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ 1 የሚገባት አይደለችም። ቅጹን በዚህ ሳምንት ማስረከብ አለብኝ። ዝም ብዬ 3 ብሰጣት ያስኬዳል?

የሒሳብ ባለሙያ
ይሄ ምን ያስጨንቃል? 60ን ለ12 አካፍለህ በ7 አባዛው፣ 35 ይመጣል። 23ን ለ35 ስታካፍል 66 በመቶ ነው። ስለዚህ 2። ሲስተሙ የሠራው ስህተት ያልነበረችባቸውን ወራት መቁጠሩ ብቻ ነው፤ እሱን ካስተካከልክ አበቃ። በስሜት 3 ከሰጠሃት ዓመቱን ሙሉ ሠርተው 2 ያገኙት ነገ በርህን ያንኳኳሉ። ሒሳብ አያዳላም።

አንድ አባል
መጀመሪያ ግልጽ ይሁን፦ ፈቃዱ ከደመወዝ ጋር ነው ወይስ ያለ ደመወዝ? ያለ ደመወዝ ከሆነ ቦነስ አይመለከታትም። ከደመወዝ ጋር ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ማግኘት አለባት።

ሰው ሀብት ላይ የቆየች
ከላይ ያለው ወዳጃችን የመለሰው ያልተጠየቀውን ነው፤ ቢሆንም ጥሩ ነገር አነሳ። ነጥብና ገንዘብ ሁለት ለየቅል ናቸው። ነጥቡ የሚጠይቀው «በነበረችበት ጊዜ እንዴት ሠራች?» ብሎ ነው። ቦነሱ ደግሞ «ስንት ወር ሠራች?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያ በመሥሪያ ቤቱ መመሪያና በአገሩ ሕግ የሚወሰን ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ጥፋት ግን አለቃው አምስት ወር ስላልነበረች ነጥቡን ይቀንሳል፣ ከዚያ ደግሞ ሒሳብ ክፍል ቦነሱን በ7 ወር አስልቶ እንደገና ይቀንሳል። አንዲት መቅረት ሁለቴ ተቀጣች ማለት ነው። መቅረቷ የሚቆጠርበት ቦታ ካለ አንድ ቦታ ብቻ ይሁን፤ እሱም ነጥቡ ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ንገረኝ። 60ው ውል በየወሩ እኩል ነው የሚመጣው ወይስ የሥራ ወቅት አለው? ከፈቃድ ስትመለስስ ደንበኞቿን መቼ ተረከበች?

ጠያቂ
እኩል አይደለም። በዕቅዳችን ለአንድ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 9 ውል ነው የተያዘላቸው። ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ወር ዋናው የሥራ ወቅታችን ስለሆነ 33። የመጨረሻዎቹ አራት ወራት 18። እሷ ከፈቃዱ በፊት 8፣ ከተመለሰች በኋላ 15 አስፈርማለች።

የደንበኞቹ ነገር እንኳን… እሷን ተክቶ ሲሠራ የነበረው ልጅ ድርድር መሐል ላይ ስለነበር ዝርዝሩ የተመለሰላት ዘጠነኛው ወር ሊያልቅ ሲል ነው። በዚያ ወር የነበራት ዕቅድ 4 ነው፤ 1 ብቻ አስፈረመች።

ሰው ሀብት ላይ የቆየች
እንግዲህ መልሱን ራስህ አመጣኸው። የቀረችው ሥራው በሚግለበለብባቸው ወራት ነው። 60ን ለ12 ማካፈል ከእነዚያ ወራት የሚመጣውን ውል በነበረችባቸው ቀዝቃዛ ወራት ላይ ይጭንባታል። በነበረችባቸው ሰባት ወራት ከማንኛውም የቡድኑ አባል የሚጠበቀው 9 እና 18፣ በድምሩ 27 ነው እንጂ 35 አይደለም። 23 ለ27 ሲካፈል 85 በመቶ። የቀረችው በቀዝቃዛው ወቅት ቢሆን ኖሮ እኩል ማካፈሉ ለእሷ ያደላ ነበር፤ ያኔም ትክክል አይሆንም።

ቀጥሎ ዘጠነኛው ወር አለ። ደንበኛ ያልተሰጣት የሽያጭ ሠራተኛ 4 ውል ከየት ታምጣ? ርክክቡን ያዘገየው መሥሪያ ቤቱ ነው። ወሩን ከሁለቱም ወገን አውጣው፦ ከዕቅዱ 4፣ ከሥራዋ 1። የሚቀረው 22 ለ23 ነው፤ 96 በመቶ። ነጥቡ 3 ሆነ፤ በችሮታ ሳይሆን በሥራዋ።

የሒሳብ ባለሙያ
የወቅቱን ነገር አልጠየቅኩም ነበር፣ እሺ 27 ትክክል ነው። ወር ማውጣቱ ላይ ግን አልስማማም። 85 የነበረው አንድ ወር ስለወጣ ብቻ 96 ሆነ፤ ነጥቡም ከ2 ወደ 3 ዘለለ። ነገ ሁሉም ሰው የከፋበትን ወር አውጡልኝ ቢልስ?

ሰው ሀብት ላይ የቆየች
ጥያቄህ ተገቢ ነው። መለኪያዬ ይህ ነው፦ በዓመቱ አጋማሽ የተቀጠረ አዲስ ሠራተኛ ቢሆን ምን ይደረግለት ነበር? ለአዲስ ሰው የመጀመሪያው ወር ያለ ዕቅድ የሚታለፍ ከሆነ፣ ባዶ እጇን ለተመለሰች ሠራተኛ ያንኑ መከልከል አይቻልም። አይታለፍለትም ከሆነ ግን ያንተ ክርክር ይበረታል። «ደክሟት ነበር» ወይም «ልጅ ይዛ ነው» የሚለውን ምክንያት አድርጌ አላቀርብም፤ የማቀርበው ርክክቡ የተፈረመበትን ቀን ነው።

ጠያቂ
ለአዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያ ወር ዕቅድ አንሰጥም። መመሪያው ላይ አለ።

ከሕመም ፈቃድ የተመለሰ
የእኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል፤ ግን የቁጥሩ ነገር ያልነካውን ስለሚነካ ልናገር። አራት ወር የሕመም ፈቃድ ላይ ነበርኩ። የተጎዳሁት በቀረሁባቸው ወራት አይደለም፤ እነሱንማ ቀንሰውልኛል። የተጎዳሁት ከፈቃዱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ነው። በሽታው ሳይታወቅ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ሪፖርት እያዘገየሁ፣ ስብሰባ ላይ እያንቀላፋሁ። አለቃዬ ቅጹ ላይ «ትኩረት ይጎድለዋል» ብሎ ጻፈ። በፈቃዱ ምክንያት ነው እንዳይባል ቀኑ ፈቃድ ውስጥ አይደለም፤ ሥራ ነው እንዳይባል ሰውዬው ታሞ ነበር። ይህን ማን ነው የሚፈታው?

ሰው ሀብት ላይ የቆየች
የእናንተ ይከብዳል። እኔ እነዚያን ሳምንታት ብቻቸውን ለይቼ አላወጣም፤ ከዚያ በፊት የነበረው ወራትና ከተመለሱ በኋላ ያለው ምን ይመስላል ብዬ ሁለቱን አጎራብታለሁ። ሁለቱም ጥሩ ከሆኑና መሐሉ ብቻ ከወደቀ፣ «ትኩረት ይጎድለዋል» የሚለው ምናልባት ስለ ሠራተኛው ሳይሆን ስለ እነዚያ ሳምንታት የተጻፈ ነው። ያን ጊዜ አስተያየቱ ይወጣል። ሠራተኛው ራሱ ካልፈቀደ ግን የሕመሙ ስም ቅጹ ላይ አይጻፍም። «በፈቃድ ምክንያት የምዘናው ጊዜ 8 ወር ነው» ከበቂ በላይ ነው። ሕመሙን አልናገርም ያለ ሰው ግን ማስተካከያውን በምን ያገኛል? ይህን እኔም አልፈታሁትም።

የሥራ ባልደረባ
እውነቱን ልናገር፣ ተተኪው እኔ ብሆንስ? አምስት ወር የራሴንም የእሷንም ደንበኛ ይዤ፣ በስተመጨረሻ ሁለታችንም 3 ብንባል ያናድደኛል።

ሰው ሀብት ላይ የቆየች
መናደድሽ ልክ ነው፤ መፍትሔው ግን የራስሽ ቅጽ ላይ ነው ያለው። የሁለት ሰው ሥራ ከሠራሽ የአንቺ ነጥብ 4 ወይም 5 ይሁን፣ ተጨማሪ ክፍያም ካለ ይሰጥሽ። የእሷን ማውረድ ለአንቺ የሚጨምረው የለም። አለቆች ግን ይህን ቂም በመልካም ባሕርይ ስም ሲያስገቡት አያለሁ።

ወንድሜ፣ አንተም ቅጹን ከማስረከብህ በፊት የባሕርይ መለኪያዎቹን መልሰህ አንብብ። «ተነሳሽነት»፣ «ለቡድኑ ተደራሽ መሆን»፣ «ቁርጠኝነት» የሚሉት ቦታዎች ላይ 2 የሰጠህ እንደሆነ፣ የምታቀርበው ምሳሌ በነበረችበት ቀን የተፈጸመ መሆን አለበት። ምሳሌው «በወቅቱ አልነበረችም» ወይም «በጊዜ ትወጣለች» ከሆነ ሰርዘው። የማጥባት ሰዓት ተፈቅዶላት ከሆነ የምትወጣው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት 183ኛ ስምምነት ያንን ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ነው የሚቆጥረው።

ያልከው «ዝም ብዬ 3» ደግሞ ዘንድሮ አጋጣሚ ሆኖ ተገጣጠመ እንጂ መንገዱ ልክ አይደለም። በሰባት ወር ውስጥ የ4 ሥራ የሠራች ብትሆን በደግነት ታወርዳት ነበር።

ጠያቂ
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረ ነገር አለ። ፈቃድ ከመውጣቷ በፊት ተደራድራ ጨርሳ ያስረከበቻቸው 6 ውሎች ነበሩ። የተፈረሙት አራተኛው ወር ላይ ስለሆነ ለተተኪው ተመዝግበዋል። እነሱ የእሷ አይሆኑም? ከተደመሩ 28 ለ23 ነው፤ 4 ውስጥ ትገባለች።

የሒሳብ ባለሙያ
አሁን ግን ቆም በል። የአራተኛውን ወር ዕቅድ ከእሷ ላይ አንስተሃል። ዕቅዱን አውጥተህ ውሉን ካስገባህ ሚዛኑን በአንድ ወገን ብቻ እየጫንክ ነው። ደግሞ ከተመለሰች በኋላ ካስፈረመቻቸው ውስጥ ተተኪው ያበሰላቸው የሉም?

ጠያቂ
አሉ። ሦስት የሚሆኑ።

ሰው ሀብት ላይ የቆየች
ሒሳብ ባለሙያው እዚህ ላይ አሸንፎናል። እኔ ስድስቱንም ሦስቱንም ቁጥሩ ውስጥ አልነካካም፤ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ውል የሚቆጠረው ላስፈረመው ሰው ነው የሚል ከሆነ ለሁሉም እንደዚያው ይቆጠር። በጽሑፍ አስተያየቱ ቦታ ላይ ግን «ከፈቃድ በፊት 6 ድርድሮችን አጠናቃ በሥርዓት አስረክባለች» ብለህ ጻፍ። የተተኪውም ቅጽ ላይ ሦስቱ ይጻፉለት።

የሥራ ባልደረባ
ጽሑፍ ደመወዝ አይጨምርም። ተደራድሮ የጨረሰ ሰው ግማሹን ማግኘት አለበት፤ እኛ ጋ ሁለት ሰው የነካው ውል ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ ነው የሚያዘው።

ጠያቂ
በግማሽ ከሆነ 3 ይጨመርላታል፣ 1 ተኩል ይቀነስባታል፤ 23 ተኩል ለ23። ያው 3 ነው። ዘጠነኛውን ወር አውጥቼ፣ የርክክቡን ቅጽ አያይዤ ነገ አስገባለሁ። የግማሹን ደንብ ለሚቀጥለው ዓመት ለሥራ አስኪያጁ አቀርበዋለሁ።