የዶፕለሩ ሞገድ ቀጥ ብሎ ቀረብኝ፤ ማሽኑ ነው ወይስ በሽተኛዋ?

የወረዳው ሐኪም (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው። ግራ እግሯ ከብሽሽት እስከ ቁርጭምጭሚት ያበጠ በሽተኛ አልጋ ላይ አለችኝ። ብሽሽቷም ላይ ቋንጃዋም ላይ ደም መልሱን በአልትራሳውንዱ ፕሮብ ስጫነው ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። የረጋ ደም አላየሁም። ያስቸገረኝ የደም ፍሰቱን የሚያሳየው ዶፕለሩ ነው። ሞገዱ እንደ ወትሮው ከፍ ዝቅ አይልም፣ ቀጥ ያለ ሪባን መስሎ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት መብራት ድንገት ከጠፋ ወዲህ ማሽኑ ሲያንገራግር ነበር። ተበላሽቶ ይሆን? ሪሴት የሚደረግበትን መንገድ የሚያውቅ አለ? የደም መርጋት የለም ብዬ ልሸኛት ነበር፤ ግን ማሽኑን ሳላምን ሪፖርት መጻፍ ከበደኝ።

ቢንያም ጠጋኝ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ አጥፍተህ አብራው። ከሶኬት ነቅለህ ትንሽ ጠብቅ። ካልሆነ ፕሪሴቱን እይ። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ሲነሳ ወደ ደም ቅዳ ፕሪሴት ይመለሳል። የደም መልስ ፍሰት ቀርፋፋ ስለሆነ የፍጥነት ስኬሉ PRF ዝቅ ማለት አለበት፣ ቀርፋፋ ፍሰትን የሚያጠፋው Wall Filter ደግሞ የመጨረሻው ዝቅተኛ ላይ ይሁን። ከመብራት መቆራረጥ በኋላ እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲመጣልኝ ግማሹ የሴቲንግ ጉዳይ ነው።

ዶ/ር ቀጥታ
እኔ ግን ዶፕለሩ ለምን እንዳስጨነቀህ አልገባኝም። ደም መልስ ሲጫኑት ከተዘጋ ውስጡ የረጋ ነገር የለም ማለት ነው። የምርመራው ዋናው መጫን ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ብሽሽትና ቋንጃ ላይ ብቻ ተጭነን እንወስናለን። የረጋ ደምን የሚጠቁመውን የደም ምርመራ፣ ዲ-ዳይመር ላክና ጨርስ።

ሰናይት ሶኖ
ዶክተር፣ ቀኝ እግሯን አይተውታል? ማሽኑን ከመንካትዎ በፊት ፕሮቡን ወደ ቀኝ ብሽሽቷ ያሻግሩት። PRFም ሌላውም ሴቲንግ ሳይነካ፣ በዝግታ እየተነፈሰች፣ እዚያው ቦታ ላይ ዶፕለሩን ይክፈቱ። ቀኙ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ ማሽንዎ ደህና ነው። ቀኙም ቀጥ ካለ ሌላ ወሬ እናወራለን።

ቢንያም ያለው ሴቲንግ እውነት ነው፣ ግን ምልክቱ ሌላ ነው። PRFም ሆነ ፊልተሩ ከፍ ካለ ፍሰቱ ይጠፋል ወይም መሠረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እርስዎ ያሉት ግን የማይቆራረጥ፣ ወጥ የሆነ ሪባን ነው። ፍሰት አለ፤ የጠፋው የትንፋሹ ምልክት ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ፦ ሴትየዋ ማን ናት? ነፍሰ ጡር ናት? አራስ ናት? ካንሰር አለባት? እሱን አልነገሩንም።

ሳባ ከጅዳ
ይቅርታ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። እናቴም ከአገር ቤት መጥታ እግሯ አብጦ ነበር። እዚህ አልትራሳውንድ አንስተው ባቷ ላይ የረጋ ደም አለ አሉና መድኃኒት ጀመሩላት። እኔ ግን ከዚያ በፊት በቅባት ሳሽላት ነበር የከረምኩት። እስከ ዛሬ እሱ ያሳስበኛል። ለዚችም ሴት ማሸት ጥሩ ነው?

ሰናይት ሶኖ
ሳባ፣ አይታሽ። የረጋ ደም ይኖራል ብለን የጠረጠርነው እግር አይታሽም። እኛም ባትን ጨመቅ አድርገን የፍሰቱን ምላሽ የምናየው የረጋ ደም አለመኖሩን ካየን በኋላ ብቻ ነው። የእናትሽን መድኃኒት ሐኪሟ ሳያዝ አታስቁሚ።

ቢንያም ጠጋኝ
አጥፍተህ አበራኸው? ካልሆነ የፕሮቡን ኬብል ነቅለህ እንደገና ሰካው። አንድ ጤና ጣቢያ የነበረ ማሽን ነርሷ በጥፊ ስትለው ነበር የሚነሳው።

የወረዳው ሐኪም
እህቴ ሰናይት፣ አመሰግናለሁ። ቀኙን አየሁት። ሴቲንጉን አልነካሁም። ቀኙ በደንብ ከፍ ዝቅ ይላል። ወደ ውስጥ ስትተነፍስ ይወርዳል፣ ስታስወጣ ይነሳል። ግራው እንደዚያው ሪባን ነው። ቢንያም፣ አጥፍቼም አብርቼዋለሁ፣ ለውጥ የለም።

አዎ፣ አራስ ናት። በኦፕራሲዮን ወልዳ ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ለካ ዋናውን ነገር ነው የተውኩት።

ሰናይት ሶኖ
እንግዲያው ማሽኑን ይተዉት። ችግሩ ከብሽሽት በላይ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ወደ ውስጥ ስንተነፍስ ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ከእግር የሚመጣው ደም ለአፍታ ቀስ ይላል። ስናስወጣ ይለቀቃል። በብሽሽት ላይ የምናየው ከፍታና ዝቅታ ይሄ ነው። በሆድና በብሽሽት መካከል መንገዱ ከተዘጋ የትንፋሹ ግፊት እግር ድረስ አይደርስም። ደሙ በትናንሽ ተለዋጭ መንገዶች እየሾለከ፣ ሳያቋርጥ፣ በአንድ ፍጥነት ይሄዳል። ሪባን የሆነው ለዚህ ነው። በሁለቱም እግር ቢሆን ኖሮ ምናልባት ትንፋሿ አጥሮ ነው፣ ወይም ሆድ ውስጥ ያለው ትልቁ ደም መልስ ነው እል ነበር። በአንድ በኩል ብቻ፣ እሱም በግራ፣ እሱም አራስ ሆና፣ ሙሉ እግሯ አብጦ ከሆነ የግራ የዳሌ ደም መልስ ነው የምጠረጥረው። በእርግዝናና በአራስነት የሚመጣው የእግር ደም መርጋት አብዛኛው በግራ ነው። የቀኙ የዳሌ ደም ቅዳ የግራውን ደም መልስ ከአከርካሪ አጥንት ጋር አጣብቆ ስለሚያልፍ መንገዱ ቀድሞውንም ጠባብ ነው።

ዶ/ር ቀጥታ፣ መጫን ዋናው መሆኑን እኔም አምናለሁ። አዲስ የረጋ ደም በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ በዓይን ሳይሆን በመጫን ነው የሚታወቀው። ግን የዳሌውን ደም መልስ ማን ይጫነዋል? ጥልቅ ላይ ነው፣ ከፊቱም አንጀት አለ። እዚያ ያለን የረጋ ደም ብሽሽት ላይ መጫን አያገኘውም። ዲ-ዳይመርም አራስ ላይ የረጋ ደም ሳይኖርም ከፍ ይላል። ከፍ ብሎ ቢመጣ ምን ተማርን?

ጠያቂያችን ደግሞ ብሽሽትና ቋንጃ ብቻ ነው ያዩት። መሃሉ ቀርቷል። ጭኑን በየ2 ሴንቲሜትር፣ ፕሮቡን አግድም ይዘው ይጫኑ። በቁመት አይጫኑ፤ ፕሮቡ ከደም መልሱ ላይ ይንሸራተትና የተዘጋ ይመስልዎታል። ከጉልበት በላይ ያለው የጭን ክፍል ላይ ደም መልሱ አልዘጋ ካለ ቶሎ የረጋ ደም ነው አይበሉ። ቦታው ጥልቅ ነው። ሌላ እጅዎን ከጭኗ ሥር አስገብተው ሥጋውን ወደ ፕሮቡ ይግፉት። ጎኑ ያለው ደም ቅዳ ቅርጹን መቀየር እስኪጀምር ከተጫኑ በቂ ተጭነዋል። ደም ቅዳው ተጨፍልቆ ደም መልሱ ክፍት ከሆነ ያኔ የረጋ ደም ነው። ቋንጃ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ፕሮቡ ትንሽ ከከበደ ደም መልሱ ከስክሪኑ ይጠፋል። ጉልበቷን ትንሽ አጥፋ ራሷን ከፍ ትበል፣ ደሙ ወደ እግር ይወርድና በደንብ ይታያል።

የውስጥ ደዌ ሽማግሌው
ልጄ፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው። ይህችን ሴት ቤቷ አትሸኛት። የዳሌ ደም መርጋት ወደ ሳንባ ሲሄድ ትልቅ ሆኖ ነው የሚሄደው። ኦክስጅኗን ለካ፣ የልብ ምቷን ቁጠር። ትንፋሽ አጥሯታል? ደረቷን ይወጋታል? ራሷን ስታለች? ጥርጣሬው እንዲህ ከፍ ካለ ምስል እስኪመጣ አይጠበቅም፣ ኢኖክሳፓሪን ጀምርላት። በኪሎ 1 ሚሊግራም፣ በየ12 ሰዓቱ። ኩላሊቷን እይ። ጡት ማጥባቷን አያስቆማትም።

ሰናይት ሶኖ
አባባ፣ እሺ፤ ግን አንድ ነገር ይቅደም። ሪባኑ መንገዱ መዘጋቱን ነው የሚናገረው፤ ምን እንደዘጋው አይናገርም። በኦፕራሲዮን የወለደች ናት። ዳሌዋ ውስጥ የተጠራቀመ ደም ደም መልሱን ከውጭ ተጭኖት ቢሆንስ? ያኔ ደም የሚያቀጥን መርፌ የባሰ ነገር ያመጣል። ጥምዙን የሆድ ፕሮብ ያንሱና ብሽሽት ላይ ይጀምሩ፣ ደም መልሱን በከለር እየተከተሉ ወደ ላይ ወደ እምብርቷ ይሂዱ። ውስጡ የተሞላና የሰፋ፣ ከለር የማይገባበት ከሆነ የረጋ ደም ነው። ባዶ ሆኖ ጎኑ ላይ ጠባብ ከሆነና አጠገቡ ዕብጠት ካለ ሌላ ነገር ነው። አንጀቷ ጋዝ ካለው ላይታይ ይችላል፤ አለመታየቱን የለም ብለው አይጻፉት።

የውስጥ ደዌ ሽማግሌው
ያልሽው ልክ ነው፤ ግን ጥምዙ ፕሮብ ምንም ባያሳይስ? እኔ ዛሬ ማታ ያለ መድኃኒት አላሳድራትም።

ዶ/ር ቀጥታ
ዳሌውን አላሰብኩትም ነበር፣ እቀበላለሁ። አሁንም ግን የደም ቅዳና የደም መልስ ሲቲ ያለበት ቦታ ሳይላክ በአንድ ሪባን ብቻ ለወራት መድኃኒት ላይ ማስቀመጥ አይዋጥልኝም።

አዋላጇ
ስለ ደሙ ብዛት ማንም አልጠየቀም። ሄሞግሎቢኗ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስንት ነበር? አሁንስ? ወርዶ ከሆነ ሰናይት ያለችው ዳሌ ውስጥ የተጠራቀመ ደም መታሰብ አለበት። ቁስሏ ደረቀ? ትኩሳት አላት? ከወሊድ በኋላ ትኩሳት ካላት የማሕፀን ኢንፌክሽንም ከደም መልስ መርጋት ጋር አብሮ ይመጣል።

የወረዳው ሐኪም
ኦክስጅኗ 96 ነው፣ ትንፋሽ አላጠራትም። ትኩሳት የለም። የጭኑን መሃል በእጅ እየደገፍኩ ተጫንኩት፣ ሁሉም ይዘጋል። ጥምዙን ፕሮብ ይዤ እየሄድኩ ነው። ሄሞግሎቢን ልኬያለሁ፣ ላብራቶሪው ተረኛ ስለሆነ ይዘገያል። ሪፈር ለመላክ አምቡላንስ ጠይቄያለሁ፤ መንገዱ ሩቅ ነው።

ሰናይት ሶኖ
ሪፈር ወረቀቱ ላይ «የደም መርጋት አልታየም» ብቻ ብለው እንዳይጽፉ። የሁለቱንም ብሽሽት ሞገድ በአንድ ስክሪን ጎን ለጎን ያስቀምጡና ምስሉን ያያይዙ። «ደም መልሱ ከብሽሽት እስከ ቋንጃ ሲጫኑት ይዘጋል፤ በግራ በኩል የትንፋሽ ለውጥ ጠፍቷል፣ የዳሌ ደም መልስ መዘጋት ተጠርጥሯል» ብለው ይጻፉ። ተቀባዩ ሐኪም የመጀመሪያውን አንብቦ እንዳይመልሳት።

ቢንያም ጠጋኝ
ማሽኑ ደህና ከሆነ ጥሩ። ግን ስታቢላይዘር አስገባለት፣ እንደዚያ እያንገራገረ ብዙ አይቆይም።

አዋላጇ
ዶክተር፣ ሄሞግሎቢኑ መጣ?