«አውርዱት» ማለት ምን ማለት ነው? የሬዲዮ ጽሑፍ ለአያትም ለልጅ ልጅም

ብዕረኛው፦ አንዱ አዘጋጅ ሲመክር ምን አለ? «ጽሑፉ ከከበደ ወደ ተራ ቋንቋ አውርዱት፤ ሽማግሌውም ወጣቱም ይሰማችኋል።» አውርዱት! ቋንቋ ጆንያ ነው ከመኪና የሚወርደው? ስለ ልጅ ጤና የሚናገር ሰው እንደ ሰፈር ወሬ ሊያወራ ነው?

ጆሮ፦ ቃሉን ተወውና ጽሑፉን እንይ። እንዲህ ያለ መጥቶልሃል እንበል፦ «በተቅማጥ የተያዘ ሕፃን በሚያጋጥምበት ወቅት አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ እንዲሰጠው ይደረግ ዘንድ ይመከራል፤ የተዘጋጀው ውህድም ከ24 ሰዓት በላይ ጥቅም ላይ መዋል የለበትም።» ማን ነው የሚበጠብጠው? የለም። አንባቢ ቢጠፋበት ዓይኑን መልሶ ያነባል፤ ሰሚ ግን «ይመከራል» እስኪመጣ ሁሉንም ይዞ መጠበቅ አለበት። እስከዚያ ሊትሩ ይጠፋዋል።

ብዕረኛው፦ «ይደረግ ዘንድ» ክብር አለው።

ጆሮ፦ ክብሩ «ዘንድ» ውስጥ አይደለም፤ አጠራሩ ላይ ነው። «በጥብጥ» ብትል አያትየዋ ትቀየማለች፣ ያውም ወንድ አድርገሃታል። «በጥብጡ» በል፤ ለወንድ፣ ለሴት፣ ለትልቅ፣ ለትንሽ ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩን አሳጥር፣ አክብሮቱን አትንካ።

ሰምና ወርቅ፦ ታዲያ ለምን በ«እርስዎ» አንጨርሰውም? ወጣት ቢከበር አይጎዳም።

ጆሮ፦ ግማሹ ልክ ነው። ለአንድ ሰው ፊት ለፊት ስትናገር ያምራል። በሬዲዮ ግን «እናቶች ከጤና ባለሙያዎች ጋር ይነጋገሩ፤ ፈሳሹን ትንሽ በትንሹ ይስጡት» ስትል ማን ይስጠው? እርስዎ? እናቶቹ? ባለሙያዎቹ? የአክብሮቱ «ይስጡት» እና የ«እነሱ» «ይስጡት» ለጆሮ አንድ ናቸው። «ስጡት» ካልክ ጥያቄው አይነሳም። በ«እርስዎ» ከጀመርክ ደግሞ እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ይሁን፤ መሃል ላይ ወደ «እናንተ» መዝለል ከሁለቱም ይከፋል።

የሰፈር ልጅ፦ ምን ያደክማችኋል፣ ሁለት ሦስት የአራዳ ቃል ጣል አድርጉበት። «ጀለሶች፣ ኦ አር ኤስ በጥብጡ!» ወጣቱ ጆሮውን ይሰጣል።

ብዕረኛው፦ ይኸው! «አውርዱት» የሚባለው መጨረሻው ይሄ ነው።

ጆሮ፦ አይደለም። የአራዳ ቃል የአንድ ዕድሜ ነው፣ ቶሎም ያረጃል። የንግግር ቋንቋ ግን የሁሉም ነው። አያትየዋም «ይህንን» ሳይሆን «ይሄን» ነው የምትለው።

የመድረክ ሰው፦ እኔ የማዘጋጀው ድራማ ነው፤ አያቷ «ልጄ ሆይ፣ ይህን ፈጽሚ» ትላለች። እሱስ ይቀየር?

ጆሮ፦ ወንድሜ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ገጸ ባህሪ እንደ ዕድሜዋና እንደ ጠባይዋ ትናገራለች። እዚህ የምናወራው ማንም ስላልሆነው ተራኪ ነው። (ግን «ልጄ ሆይ» የምትል አያት የት አለች?)

የመድረክ ሰው፦ የእኔዋ ትላለች!

ሰምና ወርቅ፦ እሺ፣ ወርዶ እንዴት እንደሚሆን አሳየን።

ጆሮ፦ «ልጁን ተቅማጥ ይዞታል? አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ አዘጋጁ። አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ ሙሉውን ጨምሩበት፤ አትክፈሉት። በደንብ በጥብጡት። ትንሽ በትንሹ አጠጡት። የተረፈውን ነገ በዚሁ ሰዓት ድፉትና አዲስ በጥብጡ።» «ሙሉውን» የጨመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፓኬቱን በግምት ከፍሎ በብርጭቆ የሚበጠብጥ ሰው አንዴ ያወፍረዋል፣ አንዴ ያቀጥነዋል። «ከረጢት»ም ለጆሮ የእህል ማዳበሪያ ነው። «24 ሰዓት» ደግሞ ትክክል ቢሆንም «ነገ በዚሁ ሰዓት» ማስላት አይጠይቅም።

ብዕረኛው፦ «ተቅማጥ» በጎረምሳ ፊት? ትልልቆቹ «ሆዱን አመመው» ነው የሚሉት። አክብሮት ካልክ እሱን ለምን ረሳኸው?

ጆሮ፦ «ሆዱን አመመው» ቁርጠትም የሆድ ድርቀትም ነው። ለሆድ ድርቀት ኦ አር ኤስ ሊበጠብጡ ነው?

ሰምና ወርቅ፦ «ሆዱን አመመው፣ ያስቀምጠዋል» ቢባልስ?

ጆሮ፦ «ያስቀምጠዋል» ለትልልቆቹ ግልጽ ነው። ልጆቹ ግን «የት ነው የሚያስቀምጠው?» ይላሉ። እኔ አንዴ «ተቅማጥ» ብዬ አልፋለሁ።

የሰፈር ልጅ፦ ሁሉም እንደገባው በምን ታውቃላችሁ ታዲያ?

ጆሮ፦ ለአንድ ትልቅ ሰውና ለአንድ ታዳጊ ለየብቻ አንዴ አንብብላቸው፤ ወረቀቱን አታሳያቸው። «ገባችሁ?» አትበል፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ውሃው ስንት ነው? የተረፈውን መቼ ትደፉታላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። ሁለቱም አንድ ቦታ ከሳቱ ጥፋቱ የዓረፍተ ነገሩ ነው። አንዱ ብቻ ከሳተ የቃሉ ነው። አንባቢው ራሱ ትንፋሽ ያጠረውም ቦታ መቆረጥ ያለበት ነው።

ብዕረኛው፦ ይሁን። «አውርዱት» ግን አሁንም አልተዋጠልኝም።

ጆሮ፦ «አሳጥሩት» በለው።

ብዕረኛው፦ ያንተው ከመጀመሪያው አላጠረም እኮ! ቁጠረው።

የመድረክ ሰው፦ የእኔን አያት ግን ማንም አልመለሰልኝም።